የተቆረጠ መስመር ግሱን ይዞ ይሄዳል፦ የቻት ስክሪንሾት ስለመተርጎም

(ይህ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለተሰበሰቡ የአማርኛ ተርጓሚዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም ሁለቱን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደንበኛዋ ስልኳን ታወጣና «ይቺን ብቻ ቶሎ ተርጉሚልኝ፣ ሰባት ገጽ ናት፣ ቻት ነው፣ ቀላል ነው» ትላለች። የልደት ካርድ ቢሆን ስንት ቀን እንደሚወስድ ትጠይቅ ነበር። ቻት ሲሆን ግን እዚያው ቆማ ትጠብቃለች፣ ምክንያቱም እሷ ስታነበው ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ለእኛ ግን የልደት ካርዱ ይሻለናል። ካርዱ ላይ ያለው ቃል ሙሉ ነው፣ ቀኑ ተጽፏል፣ ማን እንደጻፈው ማህተም አለው። ቻቱ ላይ ቃሉ ግማሽ ነው፣ ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑ "Yesterday" ይላል።

አንድ ምሳሌ ይዤ መጥቻለሁ፣ እስከ መጨረሻው አብረን እንሠራዋለን። የማንም ሰው ቻት አይደለም። የደንበኛን ወረቀት ይዤ አደባባይ ስለማልወጣ፣ ለዓመታት ካየኋቸው ነገሮች አዋህጄ ራሴ የጻፍኩት ነው። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ ሚስት ሜሪላንድ ትኖራለች፣ ባል አዲስ አበባ ነው። ባሏን ለማምጣት ማመልከቻ አስገብታለች፣ ጠበቃዋም ትዳሩ የእውነት መሆኑን ለማሳየት የቴሌግራም ቻታቸውን አያይዢ ብሏታል። ሰባት ስክሪንሾት።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ፣ ክፍል 8 ቁጥር 103.2 ላይ፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲቀርብ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም አብሮት መኖር አለበት ይላል። ተርጓሚው ደግሞ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ እሱም ለመተርጎም ብቃት ያለው መሆኑን ፈርሞ ያረጋግጣል። «ሙሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሲሰጠን ሙሉ ትርጉም ማለት ምን ማለት ነው? የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ ምንም ሳልተረጉም፣ ቁጥር እሰጣለሁ። ገጹን 1፣ 2፣ 3 እላለሁ፤ በየገጹ ያለውን እያንዳንዱን የመልእክት ሳጥንም ከላይ ወደታች እቆጥራለሁ። ገጽ 3 ላይ ያለው አራተኛ ሳጥን 3-4 ይባላል። በቀኝ በኩል ያለው ሳጥን የስልኩ ባለቤት የጻፈው ነው፣ በግራ ያለው ያኛው ሰው የጻፈው። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ዳኛው ወይም የኢሚግሬሽን መኮንኑ ግን ማን የማን ስልክ እንደያዘ አያውቅም፣ ስለዚህ በትርጉሙ አናት ላይ እጽፈዋለሁ። ከላይ ያለው ስምም የባልየው ስም አይደለም፤ ሚስት ስልኳ ላይ የመዘገበችው ስም ነው። "Babi 💍" ይላል። ያንኑ እንዳለ እገለብጣለሁ እንጂ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም አልተካውም።

ከዚያ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ እሠራለሁ፦ ቁጥሩ፣ የጻፈው ወገንና ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት፣ የአማርኛው ንባብ በፊደላችን፣ እና እንግሊዝኛው። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ተርጓሚ አይሠራውም፣ ማንም አይጠይቅማ። እኔ ግን አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ምክንያቱን አሁን ታያላችሁ።

ገጽ 5 ላይ ባል እንዲህ ይጽፋል፦

```
wendme tlant mata meta
ljun yzo
```

የመጀመሪያው መስመር በአማርኛ ፊደል ሁለት ነገር ነው። «ወንድሜ ትላንት ማታ መጣ» ይሆናል፤ «ወንድሜ ትላንት ማታ መታ»ም ይሆናል። በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ። ቀ እና ከም እንዲሁ፣ ጨ እና ቸም እንዲሁ። መጥበቅና መላላቱም ይጠፋል። በአማርኛ ቃልን ከቃል የሚለዩት ድምፆች እነዚህ ናቸው፣ ስልክ ላይ ደግሞ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚጻፍ ሁለት ቃል ልበል፣ ምክንያቱም ወጣቶቹን ስንፍና ነው ብለው የሚቆጡ አሉ። የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደልን ወደሚለዩበት ዝርዝር፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው፣ እሱም ወደ ስልኮች እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀ። ከደረሰም በኋላ አንድ የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በመልእክት ቁጥር የሚከፍል ሰው ምን ያደርጋል? በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል፣ አናባቢውንም ያስቀራል። "new" የነበረው "nw" ይሆናል፣ "lijun" የነበረው "ljun" ይሆናል። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ምልክት የሚቆጥር የለም፣ ልማዱ ግን እጅ ላይ ቀርቷል። ይህ ለእኛ ጥቅም አለው። አናባቢ የሚያስቀር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚያስቀረው፣ ስለዚህ ሦስትና አራት ገጽ ስታነቡ የዚያን ሰው አጻጻፍ ትማራላችሁ። የእኛ ባል ለምሳሌ ማታን "mata" ብሎ፣ መጣን "meta" ብሎ ይለያል። በሌላ ገጽ ላይም ይህንኑ ካደረገ፣ "mata" ስትመጣ አትጠራጠሩም።

"meta" ግን ታጠራጥራለች። የሚያድነን ሁለተኛው ሳጥን ነው፦ «ልጁን ይዞ»። ልጁን ይዞ መጣ። ሰው ልጁን ይዞ አይመታም። ስለዚህ «ሂ ኬም» ብዬ ጻፍኩ፣ ማስታወሻም አላስፈለገኝም። አሁን ግን ስክሪንሾቱ ከመጀመሪያው ሳጥን ላይ ቢያልቅ ኖሮስ? ሰው አንድን ዓረፍተ ነገር በሦስት ሳጥን ሰብሮ ይልካል፣ ስክሪኑ ደግሞ የትም ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ንባብ አስቀምጣለሁ፦ አንዱን በትርጉሙ ቦታ፣ ሌላውን በማስታወሻ። እዚህ ላይ ሦስተኛው ዓምድ ይረዳናል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ጠበቃ ሌላ ተርጓሚ ቢያመጣ፣ ያ ተርጓሚ የት ጋ እንደመረጥኩ በአንድ እይታ ያገኘዋል። ክርክሩም በአንድ ፊደል ላይ ይሆናል፤ ሥራዬ በሙሉ አይጠረጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የተቆረጠ መስመር።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን፣ ስክሪንሾት ላይ ግን ምን እንደሚያደርግ ቆም ብለን አናስብም። አፕሊኬሽኑ መስመር ሲበዛበት ከኋላ ነው የሚቆርጠው። ከኋላ ያለው ደግሞ ግሱ ነው። ግሱ ላይ ማን እንዳደረገ አለ፣ መቼ እንደሆነ አለ፣ ትዕዛዝ ይሁን ወሬ አለ፣ አሉታውም እዚያው ላይ ተጣብቆ አለ። ገጽ 6 በስልኩ የተቆለፈ ስክሪን ላይ የወጣ ኖቲፊኬሽን ነው፣ እንዲህ ይላል፦

```
birun lewendme…
```

«ብሩን ለወንድሜ…»። ምን? ላኪ? ልኬለታለሁ? እንዳትልኪ? አልሰጠሁትም? አራቱም በእኩል ይገባሉ። እንግሊዝኛው ግን ግስ ቀድሞ ይፈልጋል። እጃችን ሳናስበው «አይ ጌቭ» ብሎ ይጀምራል፣ ምክንያቱም ያለ ግስ እንግሊዝኛው ያልተጨረሰ ይመስላል፣ ያልተጨረሰ ትርጉም ደግሞ የተርጓሚ ድክመት ይመስላል። ወገኖቼ፣ ያልተጨረሰው ወረቀቱ ነው። የእኛም እንደዚያው መቅረት አለበት። እኔ የጻፍኩት «ዘ መኒ፣ ቱ ማይ ብራዘር» ብዬ ነው፣ ከዚያ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «መስመሩ በስክሪኑ ላይ እዚህ ተቆርጧል፤ የዓረፍተ ነገሩ ግስ አይታይም» የሚል ማስታወሻ። ያቺ ሁለተኛዋ ሐረግ አስፈላጊ ናት። እንግሊዝኛ አንባቢ የጎደለው ነገር ትንሽ ጭራ ይመስለዋል። ግሱ እንደጎደለ ሲነገረው ግን ብሩ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠ የሚለውን ከዚህ ወረቀት ማወቅ እንደማይቻል ይገባዋል።

ለማዕዘን ቅንፍ አንድ ሕግ አለኝ፦ በውስጡ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፣ ከውጭ ያለው ሁሉ የጻፈው ሰው ነው። ጻፊው ራሱ የተጠቀመበት ክብ ቅንፍ ካለ ክብ ሆኖ ይቀራል።

ሦስቱ ነጥቦችም ይለያያሉ። ሰዎቻችን ሲያመነቱ፣ ሲያዝኑ፣ ሲኮሩ ነጥብ ይደረድራሉ፦ "eshi....." ብለው ይልካሉ። ያ የሰውየው ነው፣ ይተረጎማል፣ እንዳለ ይቀመጣል። አፕሊኬሽኑ የጨመረው ሦስት ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው። እንዴት ትለያላችሁ? የአፕሊኬሽኑ ነጥቦች የተጠጋጉ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሁልጊዜ የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው የሚመጡት፣ ብዙ ጊዜም ቃል መሐል ይቆርጣሉ፤ የሚገኙትም በኖቲፊኬሽን፣ በቻቶች ዝርዝር፣ ወይም ለመልእክት መልስ ሲሰጥ ከላይ በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ዋትሳፕ ላይ ረጅም መልእክት ሲሆን ደግሞ "Read more" የሚል ይመጣል። የሰው ነጥቦች የራሱ ሰዓት ባለው ሙሉ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ቁጥራቸውም አራት ወይ ሰባት ሊሆን ይችላል።

የመልስ ሳጥኗን ካነሳሁ፣ የምሳሌያችንን አስቸጋሪ ቦታ እንየው። ገጽ 3 ላይ ሚስት ትመልሳለች። ከመልሷ በላይ የባሏ መልእክት በአንዲት መስመር ተጠቅሶ ይታያል፦

```
egelshalew eko lefasi…
ticket eko tewdual 😭
```

የላይኛው «እገልሻለሁ እኮ ለፋሲ…» ነው። ለፋሲካ እገልሻለሁ። ይህን ገጽ ብቻ የተሰጠው ተርጓሚ በትዳር ማስረጃ ውስጥ የግድያ ዛቻ አገኘ ማለት ነው። አሁን ወደ ገጽ 2 ተመለሱ፣ ዋናው መልእክት እዚያ አለ፦

```
egelshalew eko lefasika kalmetash
enatem eyetebekechsh nw 😂
```

«እገልሻለሁ እኮ ለፋሲካ ካልመጣሽ፣ እናቴም እየጠበቀችሽ ነው»። በአፍ እንደምናወራው ግሱን አስቀድሞ ሁኔታውን ወደ ኋላ ስላደረገው፣ መቀሱ ያረፈው ሁኔታው ላይ ነው። (እዚህም ያቺ ጠ አለች። "kalmetash" ካልመታሽም ሊሆን ይችላል። እናትየው እየጠበቀች ስለሆነ ካልመጣሽ ነው።)

ምን እናድርግ? አንዳንዶቻችሁ ገጽ 3 ላይ ያለውን ቁራጭ ከገጽ 2 ወስዳችሁ ትሞሉታላችሁ። አታድርጉት። ገጽ 3 ላይ የሚታየው ያ ቁራጭ ነው፣ ትርጉሙም ያንን ቁራጭ ይሁን፣ ቃሉም ከመሐሉ ይቆረጥ። ከዚያ በማስታወሻ «ተመሳሳይ ቃላት የያዘ ሙሉ መልእክት በ2-3 ይገኛል» በሉ። ሁለቱ አንድ መልእክት ናቸው ብላችሁ እንኳ አትወስኑ። በጣም ይመስላሉ፣ ግን ባልየው ያንኑ መልእክት ሁለቴ ልኮት ሊሆን ይችላል። የምታዩት ተመሳሳይነቱን ነው፣ የምትጽፉትም እሱን ነው።

«እገልሻለሁ» የሚለውንስ? እኛ አገር እናት ልጇን «ይሄን ካልጨረስክ እገልሃለሁ» ትላለች፣ ጓደኛ ጓደኛውን ሰርግ ካልመጣህ ብሎ ይገድለዋል። ስለዚህ ብዙ ተርጓሚ ለደንበኛው ብሎ ያለሰልሰዋል፣ «በጣም እቆጣሻለሁ» ዓይነት ያደርገዋል። እኔ «አይ ዊል ኪል ዩ» ብዬ ነው የምጽፈው። ቃሉ እሱ ነው። «እኮ»ን ግን አልጥላትም፣ ምክንያቱም ያቺ ትንሽ ቃል የዛቻውን ድምፅ ወደ ወዳጅነት ታዞራለች፤ «ዩ ኖው» የምትለዋ እንግሊዝኛ ባትበቃም ትቀርባታለች። የሳቀው ፊትም አለ። እሱን አይቼ «ቀልድ ነው» ብዬ አልጽፍም። ሲያስፈራራም የሚስቅ ሰው አለ። ፍርዱ የአንባቢው ነው፣ የእኔ ግዴታ አንባቢው ለመፍረድ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሳላጎድል ማቅረብ ነው፦ ቃሉን፣ «እኮ»ን፣ «ካልመጣሽ»ን፣ ፊቱን።

ኢሞጂን በተመለከተ መንገዴ ቀላል ነው። ምስሉ በዋናው ላይ ይታያል፣ ትርጉሙ ላይም ምስሉን አስቀምጬ በማዕዘን ቅንፍ የሚያሳየውን እገልጻለሁ፦ [ከሳቅ የተነሣ የሚያነባ ፊት]፣ [ጮኾ የሚያለቅስ ፊት]። ስሜቱን አልጽፍም። ሚስት «ቲኬት እኮ ተወዷል» ብላ የላከችው የሚያለቅስ ፊት ነው፣ እያለቀሰች ነበር ማለት አይደለም። በተለይ 🙏 ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ለእኛ ምስጋና ነው፣ ልመና ነው፣ ጸሎት ነው፣ «እባክሽ» ነው። ዩኒኮድ የሰጠው ስም «እጆቹን ያጣመረ ሰው» ነው፣ ከዚያ በላይ ምንም አይልም። እኔም እዚያው ላይ እቆማለሁ።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁልኝ። ስልኩ አሮጌ ከሆነ አዲስ ኢሞጂ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ «በዚህ ስልክ ላይ ያልታየ ምልክት» እላለሁ እንጂ ከደንበኛዋ ሰምቼ ልብ ነበር ብዬ አልጽፍም። ሌላው፣ አንድ ኢሞጂ በሁለት ስልክ ላይ ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። ሽጉጡን ውሰዱ። አፕል በፈረንጆች 2016 ወደ ውሃ መርጫ አሻንጉሊት ቀየረው፤ ጉግልና ሳምሰንግን የመሳሰሉት በ2018 ተከተሉ። በመሐሉ ባሉት ዓመታት አንዱ አሻንጉሊት ልኮ ሌላው የእውነት ሽጉጥ ያየበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የምትገልጹት የቀረበላችሁ ስክሪን ላይ ያለውን ምስል ነው፤ የማን ስልክ እንደሆነም አናት ላይ ጽፋችኋል።

የአራዳ ቋንቋስ? እሱ ብቻውን ሲመጣ አያስቸግርም፣ የማያውቅ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ «ሁሌ ሙድ ይይዝብኛል» የሚለው «ሁሌ ያኮርፈኛል» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ፣ ተርጓሚው «ሙድ» የሚለውን እንግሊዝኛ ቃል አምኖ። ሙድ መያዝ ማሾፍ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የወጣ ሰው ይህን ባያውቅ አይገርምም፣ አዲስ አበባ ያለ ወጣት ዘመድ መጠየቅ በቂ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን ቃሉን ብቻ።

ጭንቁ የአራዳ ቃልና የተቆረጠ መስመር ሲገናኙ ነው። ገጽ 7 የቻቶች ዝርዝር ነው፣ ሚስት ሳታስበው አንስታው ይሆናል። ከባሏ እህት የመጣ መልእክት በአንድ መስመር ይታያል፦

```
esu eko feta…
```

«እሱ እኮ ፈታ…»። ይህ ባል ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል እንበል። የቀድሞ ጋብቻው መቼ እንደፈረሰ ማስረጃ ማቅረብ አለባቸው፣ ምክንያቱም ያኛው ሳይፈርስ ይህኛው አይጸናም። አሁን እህቱ «እሱ እኮ ፈታ» ስትል በዚህ ሳምንት ሚስቱን ፈታ ማለት ነው? ወይስ «ፈታ ብሏል»፣ ዘና ብሏል፣ እየተዝናና ነው? አማርኛ እንደዚህ ያሉ ቃላት ሞልተውታል፦ ፈታ አለ፣ ላሽ አለ፣ ቀለል አለ። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ «አለ» አላቸው፣ እሱ ሲቆረጥ ደግሞ እንደ «ፈታ» ያለው ግማሽ ሌላ ሙሉ ግስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህ ከ«ብሩን ለወንድሜ» የባሰ ነው። ያኛው ጎዶሎ መሆኑ ይታያል፤ ይኸኛው ግን ያለቀ ዓረፍተ ነገር ይመስላል፣ ተርጓሚውም ምንም ሳይጠረጥር «ሂ ዳይቮርስድ» ብሎ ያልፋል።

እኔ ምን አደረግኩ? ትርጉሙ ቦታ ላይ «ፈታ» የምትለዋን ቃል እንደተጻፈች አስቀመጥኳት፣ በማስታወሻው ሁለቱን ንባብ ገለጽኩ፣ የሚለያቸው ቀጣዩ ቃል እንደተቆረጠ ጻፍኩ። ከዚያ ለጠበቃው ደወልኩ። ለደንበኛዋ አልደወልኩም፤ ደንበኛዋ «ፈታ ብሏል ማለቷ ነው» ልትለኝ ትችላለች፣ እውነቷንም ሊሆን ይችላል፣ ግን እኔ የምፈርመው ባየሁት ላይ ነው። ጠበቃውን የጠየቅኩት ያ ቻት ተከፍቶ ሙሉው መልእክት እንደገና በስክሪንሾት እንዲነሳ ነው። ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ "Export chat history" የሚል አለው፣ ዋትሳፕም "Export chat" አለው፤ ጽሑፉን ከነቀኑ ሳይቆረጥ ያወጡታል። ይህን ከሁሉም በፊት ብንጠይቅ ግማሹ ችግር አይመጣም ነበር። አሁን ሥራ ስቀበል የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ነው።

በምሳሌያችን ሙሉው መጣ፦ "esu eko feta blo nw yalew"። ፈታ ብሎ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ገጽ ትርጉም አልቀየርኩትም። አዲሱን ገጽ 8 ብዬ ቀጥዬ ተረጎምኩት፣ ከገጽ 7 ማስታወሻ ወደ እሱ ጠቆምኩ።

የሰዓት አቆጣጠር ነገር ቀርቶኛል፣ አጭር ነው። ገጽ 4 ላይ ባል "nege be 3 seat embassy negn" ይላል። ሥራ ስጀምር እንዲህ ያለውን በቁጥሩ አስቀምጬው ነበር፣ ሦስት ሰዓት ብዬ። የኤምባሲው የቀጠሮ ወረቀት ግን 9፡00 ይላል፣ አንባቢውም ሰውየው ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ሊሄድ አስቧል ብሎ ሊያነበው ይችላል። አሁን «3» ብዬ አስቀምጬ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከጠዋቱ 9፡00» የሚል ማስታወሻ እጨምራለሁ። «ከሆነ» ያልኩት እዚህ አሜሪካ የምንኖረው ሁለቱንም ስለምንቀላቅል ነው። ዓመተ ምሕረትም እንደዚሁ። "be tir 2016 tegaban" ብሎ የጻፈ ሰው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 2024 መካከል ነው ያገባው፣ ቁጥሩን ብቻ ከተውነው ትዳሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በሳጥኑ ጥግ ያለውን የስልኩን ሰዓት ግን አትንኩት። ያ የዚያ ስልክ ሰዓት ነው፣ ያው መልእክት አዲስ አበባ ባለው ስልክ ላይ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ልዩነት ይታያል።

ከጥያቄዎቹ ልጨምር። አንድ አባት እጃቸውን አንስተው «ልጄ፣ የተሰረዘ መልእክትስ ካለ?» አሉ። ዋትሳፕ ላይ "This message was deleted" የሚል ይቀራል፤ እንግሊዝኛ ከሆነ እንገለብጠዋለን፣ ስልኩ በአማርኛ ከተሠራ እንተረጉመዋለን፣ ሳጥኑም ቁጥር ይሰጠዋል። ቴሌግራም ላይ ግን ከሁለቱም ወገን የተሰረዘ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ የቴሌግራም ቻት ስንተረጉም «ሙሉ ውይይቱ ይህ ነው» የሚል ቃል ከብዕራችን አይውጣ። ሙሉ ያልነው የተሰጡንን ገጾች ነው፣ የምስክር ወረቀቴም ላይ «ከቀረቡልኝ ስምንት ገጾች» ብዬ ቁጥሩን እጽፋለሁ።

ሌላዋ እህት የጠየቀችው ብዙዎቻችሁ ያጋጠማችሁን ነው፦ «ደንበኛዋ "እገልሻለሁ" የምትለዋን መስመር ብቻ ዝለያት ብትለኝስ?» መስመሯን መዝለል አንችልም፣ ገጽ 2 እስካለ ድረስ 2-3 አለች። ጠበቃው ገጹን በሙሉ ላለማቅረብ ሊወስን ይችላል፣ ያ የእሱ ሥራና ኃላፊነት ነው። እንደዚያ ካደረገ ግን ገጽ 3 ላይ ያለችው ተቆርጣ የተጠቀሰችው መስመር ሙሉዋ የሌላት ትሆናለች፣ «ለፋሲ…» ላይ ትቆማለች። ይህን ለጠበቃው በጊዜ መንገር ይገባናል፣ እሱ ቁራጩ ያችን መስመር እንደሚመስል አያይምና።